የስኮርቦርድ ጥያቄው እስከ መጨረሻው ሲሠራ

ባለፈው ማክሰኞ የደብረ ብርሃን ብርድ ጣታችንን አደንዝዞት ጥያቄውን ሳንጨርስ ተለያየን። የተጠየቀው ከታች ያሉት አራት ትእዛዞች ስኮርቦርድ በሚመራው ፕሮሰሰር ላይ እያንዳንዱን ደረጃ በስንተኛው ሳይክል እንደሚያልፉ ነበር። ወረቀታችሁን አይቼዋለሁ። አብዛኞቻችሁ የሳታችሁት ሁለት ቁጥር ላይ ብቻ ነው። ለነገው ፈተና እንዲሆናችሁ ሙሉውን ሠርቼዋለሁ።

```
1  MUL F0, F2, F4
2  ADD F6, F0, F8
3  SUB F8, F10, F12
4  MUL F6, F8, F14
```

ያለን አንድ ማባዣና ሁለት መደመሪያ ነው። መቀነስም በመደመሪያው ይሠራል። ማባዛት 10 ሳይክል፣ መደመርና መቀነስ 2 ሳይክል ይፈጃሉ። ኢሹ በተራ ነው፣ በአንድ ሳይክል አንድ ትእዛዝ። የተጻፈ ውጤትም ሆነ የተለቀቀ ዩኒት የሚያገለግለው ከቀጣዩ ሳይክል ጀምሮ ነው። ፎርዋርዲንግ የለም። የስኮርቦርድ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1964 ብቅ ያለው የሲዲሲ 6600 ኮምፒውተር ነው።

| ትእዛዝ | ኢሹ | ኦፔራንድ ንባብ | ስሌቱ ያበቃበት | ራይት ባክ |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 1 | 2 | 12 | 13 |
| 2 | 2 | 14 | 16 | 17 |
| 3 | 3 | 4 | 6 | 15 |
| 4 | 18 | 19 | 29 | 30 |

የመጀመሪያው ግልጽ ነው። ከ3 እስከ 12 ያባዛል፣ በ13 ይጽፋል። ሁለተኛው በ2 ኢሹ ቢሆንም `F0`ን ይጠብቃል። `F8` ዝግጁ ነው፤ ግን ስኮርቦርድ ሁለቱን ኦፔራንዶች አንድ ላይ ነው የሚያነበው። ስለዚህ `F8`ም እስከ 14 ሳይነበብ ይቆያል።

አሁን ሦስተኛውን እዩ። ብዙ ወረቀት ላይ ራይት ባኩ 7 ተብሎ ተጽፏል። ስሌቱ በ6 አልቋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን በ7 ቢጽፍ የድሮው `F8` ይጠፋል፣ ሁለተኛውም የተሳሳተ ቁጥር ይደምራል። ማሰሮው ውስጥ ያለው ጠላ ተቀድቶ ሳያልቅ አዲስ እንደመገልበጥ ነው። ውጤቱን ይዞ 8 ሳይክል ሙሉ ቆሞ፣ በ14 ከተነበበ በኋላ በ15 ይጽፋል። መደመሪያውም እስከዚያ ድረስ እንደተያዘ ነው። የማባዛቱ መዘግየት እዚህ ድረስ መድረሱን ልብ በሉ፤ ሦስተኛው ትእዛዝ ከ`F0` ጋር ምንም ጉዳይ የለውም እኮ!

አራተኛውን 14 ላይ ኢሹ ያደረጋችሁ ማባዣው በ13 መለቀቁን በትክክል አይታችኋል። ያመለጣችሁ መድረሻው ነው። ሁለተኛውም አራተኛውም የሚጽፉት `F6` ላይ ነው። ስኮርቦርድ የሬጂስተር ስም አይቀይርም፤ ስለዚህ የፊተኛው በ17 እስኪጽፍ ኢሹ ይታገዳል። በ18 ይገባል። `F8` ከ15 ጀምሮ ስላለ በ19 ያነባል፣ ከ20 እስከ 29 ያባዛል፣ በ30 ይጽፋል።