የክረምት በራሪ ወረቀቱ ተከልሶ፦ ለአለም ገና የጣሪያና አሸንዳ ሥራ

ይድረስ ለሥራ ቤቱ ባለቤት፦ የላኩልንን ጽሑፍ ወደ አንድ ርዕስ፣ አንድ ንዑስ ርዕስና አንድ ግልጽ ዋጋ አሳጥረነዋል። ለማመሳከር እንዲመችዎ መጀመሪያ የነበረውን እንዳለ አስቀምጠናል።

የነበረው

«ውድና የተከበራችሁ ደንበኞቻችን! እንኳን ለመጪው የክረምት ወቅት በሰላም አደረሳችሁ እያልን፣ ድርጅታችን ላለፉት በርካታ ዓመታት በጣሪያ፣ በአሸንዳ፣ በበርና መስኮት፣ በአጥርና በልዩ ልዩ የብረታ ብረት ሥራዎች የካበተ ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች በመታገዝ ጥራቱን የጠበቀ፣ ፈጣንና አስተማማኝ አገልግሎት ለኅብረተሰቡ ሲሰጥ መቆየቱ ይታወቃል። በመሆኑም የክረምቱን መቃረብ ምክንያት በማድረግ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚቆይ ልዩ ታላቅ ቅናሽ ማድረጋችንን የምንገልጸው በታላቅ ደስታ ነው። እስከ 20% ቅናሽ! ነጻ የጣሪያ ፍተሻ! ሁለት ሥራ ለሚያሠሩ ነጻ ትራንስፖርት! ጎረቤት ይዞ ለመጣ ልዩ ስጦታ! ይምጡ፣ ይጎብኙን፣ ጥራታችንን ያረጋግጡ! ደንበኛ ንጉሥ ነው!»

አዲሱ

ጣሪያዎ በሰኔ እንዳያፈስ
በግንቦት ያስጠግኑት

አሸንዳ እንጠርጋለን፣ የላላ ሚስማር እንቀይራለን፣ ቀዳዳ እንደፍናለን። ሁሉም በአንድ ቀን ያልቃል።

ለአንድ ቆርቆሮ ቤት 1,800 ብር
እስከ 15 ሜትር አሸንዳ፣ እስከ 40 ሚስማር፣ እስከ 3 ቀዳዳ፤ ዕቃውን ጨምሮ።
ከግንቦት 3 እስከ ቅዳሜ ግንቦት 29 ቀን 2018፣ ለ40 ቤት ብቻ።

ይህን ወረቀት ይዘው መጥተው ቀን ያስይዙ፦ አለም ገና፣ ከታክሲ መያዣው ወደ ሰበታ አቅጣጫ ሲሄዱ በስተቀኝ፣ አረንጓዴ በር።

ምን ወጣ፣ ለምን ወጣ

የድሮው ጽሑፍ ትልቁ ችግር መርዘሙ አይደለም። አራት ስጦታ በአንድ ጊዜ ያቀርባል፤ የትኛውም ግን በብር አልተተመነም። «እስከ 20%» የሚለውን ያነበበ ሰው መነሻውን ዋጋ ስለማያውቅ ምን ያህል እንደሚተርፈው ማስላት አይችልም። «እስከ» የምትለዋም ቃል ጥርጣሬ ትጨምራለች፤ 5% ብቻ ቢቀነስለትም ወረቀቱ አልዋሸም ማለት ነው። 1,800 ብር ግን የታወቀ ነገር ነው፤ ሰውየው ማታ ቤቱ ገብቶ ለባለቤቱ ሊነግራት ይችላል።

ነጻ ፍተሻውን ሆን ብለን አውጥተናል። ፍተሻው የሥራው አካል ነው፤ ሚስማር የሚቀይረው ሠራተኛ ጣሪያው ላይ መውጣቱ አይቀርም። ለብቻው ነጻ ተብሎ ሲቀርብ ግን ምንም የማያሠሩ ሰዎች ይጠሩዎታል፤ ሠራተኞችዎም የግንቦትን ደረቅ ቀን መሰላል ተሸክመው በመዞር ይጨርሱታል። ትራንስፖርቱና የጎረቤት ስጦታውም ወጥተዋል። በርና መስኮት፣ አጥር የመሳሰለው ሥራ ለሌላ ወረቀት ይቆይ፤ ግንቦት ላይ ሰው የሚያሳስበው ከላይ የሚመጣው ውሃ ነው።

ሰላምታው መውጣቱ ቅር ሊያሰኝዎ እንደሚችል እናውቃለን። በደብዳቤ ላይ ሰላምታ መቅደሙ ጨዋነት ነው። ይህ ግን ከታክሲ የወረደ ሰው እየተራመደ የሚያየው ወረቀት ነው፤ የመጀመሪያው መስመር የሱን ጣሪያ ካላነሳ ሁለተኛውን ሳያነብ ያጥፈዋል። አክብሮቱን «ጣሪያዎ» እና «ያስጠግኑት» ተሸክመውታል።

ገደቦቹ

15 ሜትር፣ 40 ሚስማርና 3 ቀዳዳ የሚሉት ቁጥሮች እንዲቀሩ አጥብቀን እንመክራለን። ካልተጻፉ የአራት ክፍል ቤትና የሰፊ ግቢ ባለቤት በእኩል 1,800 ብር ይጠብቃሉ፤ ጭቅጭቁም ጣሪያ ላይ ይጀመራል። ከዚያ በላይ ለሚሆነው የጨመሩልንን ዋጋ፣ ማለትም አሸንዳ በሜትር 60 ብር፣ ሚስማር በፍሬ 15 ብር፣ ወረቀቱ ላይ አላስገባነውም። ቀን የሚመዘግበው ሰው ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ቀብድ ከመቀበሉ በፊትም ለደንበኛው ይንገረው።

40 ቤት ያልነው እንዲህ ቆጥረን ነው። ከግንቦት 3 እስከ 29 እሑዶች ሲቀነሱ 24 የሥራ ቀን ይገኛል። ሁለቱ ሠራተኞችዎ በቀን ሁለት ቤት ከሠሩ 48 ቤት ይሆናል። ስምንቱን ለዝናብና ለበዓል ቀን ትተናል፤ እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፣ ሲልከንም በእርጥብ ቦታ ላይ አይዝም። አርባው ሲሞላ ወረቀት ማደሉ ይቁም። ከሞላ በኋላ የሚመጣ ሰው ቢበዛ «ብቻ» የሚለውን ሁለተኛ ጊዜ የሚያምንዎ አይኖርም።

ማብቂያው ግንቦት 29 መሆኑም ሆነ ብለን ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ሥራ ላይ የሚውል ሰው መጥቶ መመዝገብ ይችላል። «ለአጭር ጊዜ» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ግን መስከረምም ላይ ኪስ ውስጥ ይገኛል።

ደንበኛው ሲጠይቅ

ብዙ ጊዜ የሚነሳው «አምና አስጠግኜው ነበር፣ ለምን መልሶ አፈሰሰ?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ይሁን። ቆርቆሮ በቀን ሐሩር ይለጠጣል፣ በሌሊት ብርድ ይኮማተራል፤ በዚህ መሃል ሚስማሩ ከእንጨቱ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ከሥሩ ያለው ላስቲክም በፀሐይ ይሰነጠቃል። ውሃው የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ሚስማር በቆርቆሮው ጉብታ ፈንታ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ተመትቶ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም ያፈስ ነበር። ዝገት የበላው ቆርቆሮ በዚህ ዋጋ እንደማይገባ ግን በግልጽ ይነገር፤ እሱ ቅየራ ነው፣ ዋጋውም ተለክቶ ነው።

ለማተሚያ ቤቱ

መጠኑ ኤ5፣ ማለትም ኤ4 ለሁለት ተቆርጦ ነው፤ 1,000 ወረቀት ከአንድ ደስጣ፣ ከ500 ኤ4 ይወጣል። ርዕሱ በ34፣ ዋጋው በ26፣ ሌላው በ14 ነጥብ ይሁን። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ብሎ ስለማይለይ አጽንዖት የሚገኘው ከመጠንና ከውፍረት ብቻ ነው፤ ሁሉም ከደመቀ ምንም አልደመቀም። በጣም የወፈረ ፊደልም አይመረጥ፤ ሲባዛ የ«ጠ» እና የ«ጣ» እግር ተደፍኖ አንድ ይመስላል። ርዕሱ በሁለት መስመር የሚቆረጠው «እንዳያፈስ» ላይ ነው። «በሰኔ» ላይ ከተቆረጠ ሁለተኛው መስመር «እንዳያፈስ በግንቦት» ተብሎ ስለሚነበብ ወሩ ይምታታል።

ጀርባው ባዶ አይቅር። አካባቢው ላይ አፋን ኦሮሞ የሚያነብ ብዙ ነው፤ እነዚሁ ሦስት ነገሮች፣ ያው ዋጋና ያው ቀን በአፋን ኦሮሞ ይታተሙበት። ቃል በቃል አይተርጎም፤ ቋንቋው አፍ የፈታበት ሰው ርዕሱን ከራሱ ይጻፈው። ቁጥሮቹን ከሁለቱም ገጽ ጎን ለጎን አድርገው ራስዎ ያመሳክሩ፤ ፊትና ጀርባ በዋጋ ከተለያዩ ሰው የሚይዝዎት በትንሹ ነው።