ሲመጣብሽ ይህን አንብቢ

መጣ አይደል? እሺ። ሌላ ነገር አትክፈቺ። እዚሁ ቆዪና ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ይሄ ያው የምታውቂው ድንጋጤ ነው። ከዚህ በፊትም መጥቶ ሄዷል። አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጣራ ይነካና መውረድ ይጀምራል።

መኪና እየነዳሽ ከሆነ መጀመሪያ ዳር ይዘሽ አቁሚ።

ትንፋሽ። ከማውጣት ጀምሪ። ያለውን አየር ቀስ አድርገሽ አውጪው፣ ትኩስ ነገር እፍ እንደምትዪው። ከዚያ እስከ 4 እየቆጠርሽ በአፍንጫሽ አስገቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ በአፍሽ አውጪ። በረጅሙ ለመሳብ አትታገዪ። አየር ያጠረሽ ይመስልሻል እንጂ ከሚገባው በላይ እየተነፈስሽ ነው። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ በደምሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ጣትሽን የሚነዝርሽ፣ ከንፈርሽን የሚያደነዝዝሽ፣ የሚያዞርሽም እሱ ነው። ትንፋሹ ሲረጋ ይተውሻል። ስለዚህ ቢያንስ 10 ጊዜ ድገሚው፣ በሦስተኛው ላይ «አልሠራም» ብለሽ አታቁሚ።

ትከሻሽን ዝቅ አድርጊ። ጥርስሽን ነክሰሻል፣ ልቀቂው።

ልብሽ ይደልቃል። ይደልቅ። አድሬናሊን ነው። ሐኪሟ ልብሽን በኢሲጂ አይታ ደህና ነው ብላሻለች። የልብ ምትሽን እየደጋገምሽ አትለኪ። ኢንተርኔት ላይም ምልክት አትፈልጊ፣ በፍጹም።

«ራሴን ልስት ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሰው ራሱን የሚስተው ብዙውን ጊዜ የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው፤ በድንጋጤ ጊዜ ግን ግፊት ከፍ ይላል። «ላብድ ነው» የሚለውም ይከተላል። አትከራከሪው፣ ይለፍ።

እግርሽን ወለሉ ላይ ጫን አድርጊ። ቁልፍሽን አውጪና ጥርሶቹን በአውራ ጣትሽ አንድ በአንድ ዳብሺ። የቱ ይረዝማል? የቱ ተበልቷል? ከዚያ ዙሪያሽን እዪ። የ5 ነገሮችን ስም ጥሪ፣ ግን «ወንበር» ብለሽ ብቻ አትለፊ። ቀለሙን፣ የተላጠውን ጠርዙን ጭምር ተናገሪ።

ስብሰባ ላይ ወይም ሊፍት ውስጥ ከሆንሽ ሮጠሽ አትውጪ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከሸሸሽ በሚቀጥለው ቦታውንም ትፈሪዋለሽ። ትንሽ ረገብ እስኪል ቆዪ።

ብቻሽን መሆን ከከበደሽ ለእህትሽ «መጣብኝ» ብለሽ ላኪላት። ትደውልልሻለች። ምክር ሳታበዛ አብራሽ ትቆያለች።

ከለመድሽው የተለየ ከሆነ ግን፣ ማለትም ደረትሽን ጨምድዶ ወደ ክንድሽ ወይም ወደ መንጋጋሽ የሚሄድ ሕመም ካለ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ ወይም አርፈሽም የትንፋሽ ማጠሩ አልለቅ ካለሽ፣ ይህን ዝጊና ወዲያው ሐኪም ቤት ሂጂ። «ጭንቀት ነው ቢሉኝስ» ብለሽ አትፈሪ። ይበሉሽ።

ሲያልፍ ድክም ይልሻል፣ እንባም ሊመጣ ይችላል። ያለ ነው። ውሃ ጠጪና የጀመርሽውን ከቆመበት ቀጥዪ። ማታ ለሐሙሱ ቀጠሮሽ ሁለት መስመር ጻፊ፦ የት ነበርሽ፣ ከመምጣቱ በፊት ምን እያሰብሽ ነበር።