መልስ የማይጠበቅባቸው መልእክቶች

እሑድ ማታ
ውዴ፣ እስከ ዓርብ ድረስ አራት ፈተና ስላለብሽ፣ በዚህ ሳምንት የምልክልሽ ሁሉ መልስ የማይጠበቅበት መሆኑን ከወዲሁ ልንገርሽ። ስልክሽን ዘግተሽ ብታስቀምጪውና ሁሉንም ዓርብ ማታ በአንድ ላይ ብታነቢው ቅር አይለኝም፤ እኔ የምጽፈው ስለምትናፍቂኝ ነው፤ አንቺ ግን ሲመችሽ ብቻ አንብቢው።

ሰኞ ማታ
ባለፈው ሳምንት 12ቱን የራስ ቅል ነርቮች ጮክ ብለሽ ስታጠኚ አጠገብሽ ተቀምጬ እንደነበር ታስታውሻለሽ። የቀሩትን ሁሉ ረስቻቸዋለሁ፤ የፊትን ጡንቻዎች የሚያንቀሳቅሰውን 7ኛውን ግን መቼም አልረሳውም፤ ምክንያቱም ፈገግ ባልሽ ቁጥር ግራ ጉንጭሽ ላይ የሚታየውን፣ እኔን ዐረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ የሚያስቀረኝን ያንን ስርጉድ የማየው በእርሱ ውለታ ነው። ነገ ጥያቄው ስለ እርሱ ከመጣ፣ አንድ አድናቂ እንዳለው እያሰብሽ መልሺው።

ማክሰኞ፣ እኩለ ሌሊት
አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብበሽው አልገባ እንዳለሽ ጽፈሽልኛል። እንቅልፍ ቀን የተጠናውን በአእምሮ ውስጥ እንደሚያጸናው የነገርሽኝ አንቺው ነሽ፤ ስለዚህ አሁን ብትተኚ ከጥናትሽ የሸሸሽ አይመስልሽ። ትንሽ ልቀጥል ካልሽም ልክሽን የምታውቂው አንቺ ነሽና ጣልቃ አልገባም። መብራቱን ስታጠፊ ግን ጉንጭሽን የሚያሳርፈው ትራስ እንደሚያስቀናኝ እወቂልኝ።

ረቡዕ ጠዋት
የጤነኛ ሰው ልብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል ብለሽኝ ነበር። የእኔው ስምሽን ስልኬ ላይ ሲያይ ይህን ደንብ ይጥሳል። ወደ አዳራሹ ስትገቢ የአንቺም ቢፈጥን አትደንግጪ፤ በረጅሙ ተንፍሺና ከሚቀልሽ ጥያቄ ጀምሪ።

ሐሙስ ማታ
የትናንቱ እንዳልተሳካልሽ ስትነግሪኝ «ግድ የለም፣ ታልፊያለሽ» ብዬ ልሸኝሽ አልፈለግሁም፤ ውጤቱን አላውቀውም፣ ያዘንሽውንም ኀዘን ማቃለል አልሻም። የማውቀውን ግን ልንገርሽ፦ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ምንም ይሁን ምን፣ ነገር ሲገባሽ ዓይኖችሽ እንዴት እንደሚያበሩ አይቻለሁ፤ የማረከኝም እርሱ ነው እንጂ ውጤትሽ አይደለም። ዛሬ ማውራት ካማረሽ ስልኬ ክፍት ነው፤ ዝም ማለት ከፈለግሽም ዝምታሽን በክፉ አልተረጉመውም።

ዓርብ ከሰዓት
አሁን የመጨረሻውን ወረቀት አስረክበሽ እየወጣሽ ይሆናል። «እንዴት ነበር?» ብዬ አልጠይቅሽም። ማታ መተኛት ብቻ ከፈለግሽ እስክትጠግቢ ተኚ፤ ሰው ማየት ካሰኘሽ ግን፣ ያንን ስርጉድ በአካል ሳያይ አምስት ቀን የቆየ ሰው በርሽ ድረስ ለመምጣት አንዲት ቃል ብቻ ይበቃዋል።