ለእንግዳ ማረፊያው ሻወር ቤት የጻፍኳቸው 3 ፕሮምፕቶች

ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ላይ እየተሰራ ላለው እንግዳ ማረፊያ ነው፣ ባለቤትየዋ ሴራሚኩን ሳልገዛ ሻወር ቤቱ ምን እንደሚመስል በምስል ልየው ስላሉ ምስል ለሚሰራ AI ቁጭ ብዬ ጻፍኳቸው፣ እንዳለ ኮፒ አርጋችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።

ፕሮምፕት 1፣ ሙሉ ክፍሉ

ጅማ፣ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ያባራ ደመናማ ሰማይ። 2 በ 2.4 ሜትር የሆነ ሻወር ቤት፣ ሰው አሁን ታጥቦ የወጣበት። ግድግዳው 30 በ 60 ሳንቲ ነጭ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ በአግድም የተለጠፈ፣ በሴራሚኮቹ መሃል ያለው ግራውት ፈካ ያለ ግራጫ፣ 2 ሚሊ፣ ጥጉ ላይ የሁለቱ ግድግዳ መስመር ልክ ለልክ የሚገጥም። ወለሉ 30 በ 30 ጠቆር ያለ ግራጫ፣ የማያብረቀርቅ፣ ወደ ውሃ መውረጃው በትንሹ ያዘነበለ። ሻወሩ ስር ያለው ግራውት እርጥብና ጠቆር ያለ፣ በሩ ጋ ያለው ደረቅ። ግድግዳው ላይ እስከ ትከሻ ቁመት ጠብታዎች፣ አንዳንዶቹ ወደታች ወርደው ቀጭን መንገድ የተዉ። ብርሃን በግራ በኩል ካለች ትንሽ መስኮት ብቻ። ካሜራው በደረት ቁመት፣ 28 ሚሊ ሌንስ፣ f/8፣ ISO 100፣ ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ያለ፣ ቋሚ መስመሮቹ ያልተጣመሙ። ሰው የለም፣ ጽሁፍ የለም።

የደረቀውንና የረጠበውን ለይቼ የጻፍኩት መጀመሪያ "እርጥብ ወለል" ብቻ ስለው ዘይት የተደፋበት አስመስሎ ስላወጣው ነው፣ በጣም ነው የሚያስጠላው፣ ደግሞም እውነቱ እንደዛ አይደለም፣ የሴራሚኩ ፊት ውሃ አይመጥጥም ግራውቱ ግን ይመጥጣል ይጠቁራል፣ ዓይን እርጥበት መሆኑን የሚያምነው ከዚህ ነው።

ፕሮምፕት 2፣ ቧንቧው በቅርብ

ነጭ የእጅ መታጠቢያ ላይ የተገጠመ ክሮም ቧንቧ፣ አሁን የተዘጋ፣ አፉ ላይ ሊወድቅ የደረሰ አንድ ጠብታ። ክሮሙ ላይ የመስኮቱ ነጭ ካሬ ጎብጦ ይታያል፣ ጎንና ጎኑ የጨለማው በር ጥቁር መስመር፣ ስሩ የመታጠቢያው ነጭነት። ቧንቧው መታጠቢያውን የነካበት ቦታ ላይ ቀጭን የውሃ ቀለበት። ከኋላ የሴራሚኩ መስመር አሁንም ይነበባል፣ የግራውቱ ሻካራነት ይታያል። 100 ሚሊ ማክሮ ሌንስ፣ f/11፣ ትራይፖድ።

ክሮም የራሱ ቀለም የለውም፣ ዙሪያውን ነው የሚያሳየው፣ ምን እንደሚታይበት ካልጻፋችሁ ግራጫ ፕላስቲክ ሆኖ ይወጣል።

ፕሮምፕት 3፣ ማታ

2 በ 2.4 ሜትር የሆነ ሻወር ቤት፣ ግድግዳው ነጭ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ ወለሉ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ከመስታወቱ በላይ አንድ ሞቅ ያለ ቢጫ መብራት፣ መስታወቱ ከታች ግማሹ በእንፋሎት የደበዘዘ፣ እርጥቡ ወለል ላይ የመብራቱ ነጸብራቅ በየግራውቱ መስመር የተቆራረጠ። ጥግ ላይ ውሃ የተሞላ ሰማያዊ ባልዲና ጆግ፣ ንጹህ። 

ባልዲውን ያስገባሁት ባለቤትየዋ "ውሃ የሚጠፋበት ቀን አለ፣ ቦታው ከአሁኑ ይታየኝ" ስላሉ ነው።