የአባቱ ሱባኤ

ቢንያም ጅማ ውስጥ ለአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ቡና በመቅመስ ይተዳደር ነበር። ሥራው ምላሱንና አፍንጫውን አምኖ መፍረድ በመሆኑ፣ ማንም ሰው ያላየውንና ያልቀመሰውን ነገር እውነት ነው ሲል መታገሥ አይችልም ነበር። የእናቱን ጾም፣ የጎረቤቱን ጠበል፣ የባልደረቦቹን ስለት ሁሉ በክርክር ይመረምራል፤ ክርክር ደግሞ ይችልበታል። አባቱ ዐርፈው አርባቸው በወጣ ዕለት፣ ዘመድ አዝማድ ሂርማታ በሚገኘው ቤታቸው ደጃፍ በተተከለው ድንኳን ሥር ተሰብስቦ ሳለ፣ ለተዝካሩ የወጣው ገንዘብ ለታናሽ ወንድሙ ትምህርት ቢውል ይሻል እንደነበር፣ ሟችም ከዚህ ሁሉ እንጀራና ጠላ የሚያገኙት አንዳች ጥቅም እንደሌለ በሰው ፊት ለእናቱ በዝርዝር አስረዳቸው። ወንድሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፈው። እናቱ ግን ከወራት በኋላ፣ ኅዳር ላይ የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል፣ አንድ ነገር ብቻ ለመኑት፤ አባቱ በየዓመቱ በዚህ ጾም ሱባኤ ይይዙበት ወደነበረው ገዳም ጧፍና ዕጣን እንዲያደርስና ሰባቱን ቀን በእሳቸው ፋንታ እንዲቆይ።

«እሺ እማዬ፣ እሄዳለሁ» አላቸው። «ስመለስ ግን ምንም የተለየ ነገር እንዳላየሁ እነግርሻለሁ።»

ገዳሙ ከአጋሮ መንገድ ተገንጥለው በእግር የሚደርሱበት፣ በዋንዛና በቀረሮ ጥላ ሥር ቡና በበቀለበት ጫካ መካከል የተሠራ ትንሽ ገዳም ነው። መጋቢው ስልኩን ተቀብለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበትና ደንቡን ነገሩት፤ ከእሑድ እስከ እሑድ ከአንደበቱ ቃል እንዳይወጣ፣ በቀን አንድ ጊዜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ንፍሮ ወይም ቆሎ እንደሚቀርብለት፣ ቀን ከመነኮሳቱ ጋር እንደሚሠራ፣ ሌሊት ደወል ሲሰማ ለጸሎት እንደሚነሣ። «መናገር ሲያምርህ በልብህ ‹አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር› በል» አሉትና ሄዱ። አርምሞ በግብፅ በረሃ ከነበሩት ከእነ አባ እንጦንስና አባ መቃርስ ዘመን ጀምሮ የመነኮሳት ሥራ ሆኖ የኖረ፣ የእኛም አገር መነኮሳት በሚያነቡት በማር ይስሐቅ መጽሐፍ ብዙ የተነገረለት ነው፤ ለጀማሪ ግን ከረሃቡም ከእንቅልፍ ማጣቱም ይልቅ የሚከብደው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰኞ ጠዋት ከአንድ አረጋዊ መነኩሴ ጋር በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ እንዲሠራ ተመደበ። ገዳሙ የሚተዳደረው በቡና ነው። ቢንያም አልጋውን ገና ሲያየው ተቆጣ፤ ቀዩ እሸት ቡና ወፍሮ ተሰጥቷል፤ እንዲህ የተሰጣ ቡና ቶሎ ቶሎ ካልተገላበጠ ከሥሩ ይሻግታል፤ የሻገተ ቡና ደግሞ በስኒ ውስጥ ጣዕሙ ይታወቃል። ይህን የሚያስረዳበት ረጅም ንግግር በአፉ ሞላ፤ የሚናገርበት መንገድ ግን አልነበረም። ሌላ አማራጭ ሲያጣ እጅጌውን ሰብስቦ ቡናውን በመዳፉ እያሳሳና እያገላበጠ ከአልጋው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ሄደ። አረጋዊው ምንም ምልክት ሳይሰጡ ተመለከቱት። ማክሰኞ ጠዋት ሲመጣ አልጋው እንዳሳየው ሆኖ ሳስቶ ተሰጥቶ፣ እሳቸውም ልክ እንደሱ እያገላበጡ አገኛቸው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተራው የአረጋዊው ሆነ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ፍሬውን የሚለቅሙት እያዩ አልነበረም፤ እፍኝ እያነሡ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉና ጥቂት ቆይተው፣ ከመካከሉ አንዲት ፍሬ በጣታቸው ፈልገው ያወጡ ነበር። አንዷን በቢንያም መዳፍ ላይ አኖሩለት። ከላይ እንከን የላትም፤ ቀይና ለስላሳ ናት። በጥፍሩ ሲፈለቅቃት ግን ውስጧ ጠቁሯል፣ የኮመጠጠ ሽታም አላት። እሱ ተምሮበትና ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራውን ሥራ እኚህ ሰው በዝምታ፣ ያውም ከእሱ በተሻለ ጥንቃቄ ሲሠሩት አየ። እንዴት እንዳወቁ ሊጠይቃቸው ፈለገ፤ ስለማይችልም እፍኝ አንሥቶ እንደሳቸው አሸተተ፣ ቆየ፣ ደግሞ አሸተተ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አንዲትም ፍሬ በትክክል አላወጣም።

ሌሊቱ የተለየ ነበር። በሰዓታቱ ጸሎት በመቋሚያ ተደግፎ ይቆማል፤ ግእዙ አብዛኛው አይገባውም። መጨረሻ ላይ አንድ ዲያቆን ዳሩ የተበላሸ ደብተር ገልጦ የብዙ ሰዎችን የክርስትና ስም ሲያነብ ይሰማል፤ ይህንም እንደ ልማድ አይቶ ያልፈዋል። ወደ በዓቱ ተመልሶ በቁርበቱ ላይ ሲጋደም ግን የገዛ ራሱ ድምፅ ይቀበለዋል። በሕይወቱ የተከራከራቸውን ክርክሮች ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ቃል በቃል ያስታውሳቸዋል።

ሐሙስ ሌሊት የተዝካሩ ክርክር መጣ። ያለውን ሁሉ አስታወሰ፤ የቃላቱን ቅደም ተከተል፣ እጁን እንዴት እንዳነሣ ጭምር። ከዚያ እናቱ ምን እንደመለሱለት ራሱን ጠየቀና ደነገጠ፤ ምንም አልመጣለትም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየዋል፤ ቃሉ ግን የለም። ለዘመናት ማስረጃ አምጡ እያለ ሰዎችን ሲያስጨንቅ የኖረ ሰው፣ ከፊቱ ቆመው የተናገሩትን ማስረጃ አልሰማም ነበር። እስኪነጋ ድረስ ፈለገው። ዓርብ ቀን፣ በአልጋው ላይ እፍኝ ቡና ይዞ ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ፣ የእናቱ ቃል በገዛ ድምፃቸው መጣለት፦ «ልጄ፣ እነዚህ ነዳያን አባትህ በየወሩ ሲያበላቸው የኖሩ ናቸው፤ ዛሬ እኔ ካልጠራኋቸው ማን ይጠራቸዋል?»

እፍኙን መልሶ አፈሰሰው። አረጋዊው ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረው ማገላበጣቸውን ቀጠሉ፤ ሲያለቅስ እንዳይታይ የተዉለት ቦታ እንደሆነ ገብቶታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አበምኔቱ አስጠርተው እንዲናገር ፈቀዱለት። ሲመጣ ስለ ጸሎት መሰማትና ስለ ተአምራት ሊጠይቅ ያዘጋጀው ብዙ ጥያቄ ነበር፤ ዛሬም አንዳንዱ አልተመለሰለትም። የጠየቀው ግን ሌላ ነው።

«አባቴ፣ ወላጅ አባቴ እዚህ ሲመጣ ምን ያደርግ ነበር?»

«ቡና ያገላብጥ ነበር፣ ልጄ። በልቡ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ በአርምሞ ስለነበር አልነገረንም። ሲሄድ ግን የልጆቹን ስም ያስጽፍ ነበር። የአንተ ኃይለ ሚካኤል አይደለም? በየሌሊቱ ይጠራል እኮ፤ አልሰማህም?»

ቢንያም ሰምቷል፤ የራሱ እንደሆነ አልጠረጠረም እንጂ።

ጅማ እንደገባ መጀመሪያ የሄደው ወደ ወንድሙ ነው፤ ይቅርታ ለመነው፤ ምክንያትም አልደረደረም። ለእናቱ የገባውን ቃል አላስቀረም፣ ያየውን ነገራቸው፤ ስለ ደብተሩም፣ ስለ አረጋዊውም፣ ስለ ሐሙስ ሌሊትም። ከዚያ ስለ ነዳያኑ ጠየቃቸውና፣ እሳቸው የእያንዳንዱን ሰው ታሪክ ሲነግሩት ጣልቃ ሳይገባ እስኪመሽ አዳመጠ። በሥራ ቦታም ቡና ሲቀመስ፣ ቀድሞ ፍርዱን ተናግሮ ሁሉን ያስከትል የነበረው ሰው፣ አሁን አዲስ የተቀጠሩት ልጆች አስቀድመው ያገኙትን ጣዕም እንዲናገሩ ይጠብቃል።

ጸበል ስለሚፈውሰው በሽታ እናትና ልጅ ዛሬም አይስማሙም። የሙት ዓመቱ ወጪ ግን የሁለቱ ወንድማማቾች እንዲሆን ተስማምተዋል፤ ነዳያኑን ቤት ለቤት እየዞረ የሚጠራውም ቢንያም ነው።