ስለ ሙያዬ ባጭሩ፦ ገላን ለሚገኘው መጋዘን የኃላፊነት የሥራ መደብ

አሁን የምሠራው ቃሊቲ በሚገኝ የምግብ ሸቀጥ አከፋፋይ መጋዘን ውስጥ ነው። ወደ 1,800 የሚጠጋ የዕቃ ዓይነት በባርኮድ ስካነር እቀበላለሁ፤ በፒችትሪ እመዘግባለሁ፤ ለሱቆችና ለሆቴሎች ወጪ አደርጋለሁ። የክምችት ሪፖርት በኤክሴል አዘጋጃለሁ። VLOOKUP እና PivotTable በየቀኑ የምጠቀምባቸው ናቸው። ኤክሴልን የተማርኩት በቅርቡ ነው፤ አቃቂ በማታ ትምህርት፣ በራሴ ወጪ።

የሚበላ ዕቃ ላይ «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» ብቻውን አይበቃም። ዛሬ የገባ ዱቄት ትናንት ከገባው ያነሰ ቀን ሊቀረው ይችላል። ስለዚህ መደርደሪያውንም ሪፖርቱንም የማደራጀው የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልቀው ቀድሞ እንዲወጣ ነው። ቀኑ የቀረበ ዕቃ ሲኖር ለሽያጭ ክፍሉ በቴሌግራም ቀደም ብዬ አሳውቃለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በቢን ካርድ፣ በሞዴል 19 እና በሞዴል 22 ዘመን ነው። ስንት ዓመት እንደሆነ ከሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ላይ ታገኙታላችሁ። እዚህ ያነሳሁት ዛሬም ስለሚጠቅመኝ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ ጭነት ይዞ በር ላይ የቆመ መኪና አይጠብቅም። ርክክቡን በወረቀት አስኬዳለሁ። ሲስተሙ ሲመለስ ሁሉንም አስገብቼ ከቆጠራው ጋር አመሳክራለሁ።

ወደ ባርኮድ ስንሸጋገር ስካነሩን ያሳየችኝ ከመጨረሻ ልጄ የምታንስ ባልደረባዬ ናት። እኔ ደግሞ ቆጠራ ላይ ልዩነት ሲመጣ ከየት መፈለግ እንደሚጀመር አሳየኋት። መጀመሪያ የመጨረሻው ርክክብ ይታያል። ቀጥሎ ተመላሽ ዕቃ። ከዚያ መለኪያው፦ በካርቶን ገቢ ሆኖ በፍሬ ወጪ የተደረገ ዕቃ ብዙ «ጉድለት» ይፈጥራል፤ ዕቃው ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የምናሠለጥነው ሁለታችን አንድ ላይ ነን።

በካይዘን የልማት ቡድን ውስጥ ሠርቻለሁ። ፎርክሊፍት አልነዳም፤ የጭነት አደራደሩንና የሠራተኛውን ደኅንነት ግን እከታተላለሁ። የእናንተን ሲስተም አላውቀውም። ፒችትሪንም ስጀምር አላውቀውም ነበር፤ የለመድኩት ሥራው ሳይቆም ነው።

ዕድሜዬ 54 ነው። ለጡረታ ገና ነኝ፤ ሥራ የምቀይረውም ለማረፍ ፈልጌ አይደለም። ሰፋ ያለ መጋዘን መምራት እፈልጋለሁ። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ስለሆነ ገላን ቅርቤ ነው፤ የጠዋትም ሆነ የማታ ፈረቃ ይመቸኛል። ከቃለ መጠይቁ በፊት የተግባር ፈተና ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል። ላፕቶፕና ከቆጠራ ጋር አልገጥም ያለ የክምችት ዝርዝር ይበቃኛል።