ፎቶ አንስተሽ ለላክሻቸው ሁለት የድብልቅ ጥያቄዎች ሙሉ አሠራር

ትናንት ማታ በቴሌግራም የላክሽልኝ የደብተርሽ ፎቶ ደርሶኛል። ከሰሌዳ የገለበጥሻቸው ሁለት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ይነበባሉ፤ ሆኖም የስልክሽ መብራት እስክሪብቶው ላይ ስላንጸባረቀ በመጀመሪያው ጥያቄ ውስጥ የአንድ ቁጥር የታችኛው ግማሽ ነጭ ሆኖ ጠፍቷል። ስለዚህ ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ጥያቄውን እንዳነበብኩት እጽፍልሻለሁ፤ የተሳሳትኩት ነገር ካለ ከደብተርሽ ጋር አመሳክሪው።

«በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ጁስ ቤት ሁለት ዓይነት የስኳር ሽሮፕ አለው። ከመጀመሪያው ሽሮፕ ክብደት 12 በመቶው፣ ከሁለተኛው ደግሞ 40 በመቶው ስኳር ነው። ባለቤቱ ሁለቱን ቀላቅሎ ከክብደቱ 20 በመቶው ስኳር የሆነ 35 ኪሎ ሽሮፕ ማዘጋጀት ቢፈልግ፣ ከእያንዳንዱ ስንት ስንት ኪሎ ያስፈልገዋል?»

የጠፋው ቁጥር «20» ብዬ ያነበብኩት ነው። ዜሮው በግልጽ ይታያል፤ ከፊቱ ያለው አኃዝ ግን ከላይ የታጠፈች ጭረት ብቻ ስለቀረችለት 2ም 7ም ሊሆን ይችላል። 70 እንደማይሆን ያወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በሒሳቡ ነው፤ እንዴት እንደሆነ መልሱን ካገኘን በኋላ አሳይሻለሁ።

አሁን ጥያቄውን ወደ እኩልነት እንለውጥ። የማናውቃቸው ነገሮች ሁለት ናቸውና ለሁለቱም ስም እንስጣቸው፤ ስሙን ስንሰጥ መለኪያውን አብረን መጻፍ አለብን። በደብተርሽ ላይ «x = የመጀመሪያው ሽሮፕ» ብለሽ አቁመሻል፤ ይህ ግን የሽሮፑን ክብደት ይሁን ውስጡ ያለውን ስኳር አይናገርም፤ ኋላ ላይ የመጣው ስሕተትም መነሻው እዚህ ይመስለኛል።

```
x = ከ12 በመቶው ሽሮፕ የሚወሰደው ክብደት (በኪሎ)
y = ከ40 በመቶው ሽሮፕ የሚወሰደው ክብደት (በኪሎ)
```

የድብልቅ ጥያቄ ሁሉ የሚቆመው ሲቀላቀል በማይጠፋና በማይጨምር ነገር ላይ ነው። እዚህ የማይጠፉት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የሽሮፑ ጠቅላላ ክብደት፣ ሁለተኛው በውስጡ ያለው የስኳር ክብደት። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ እኩልነት ይሰጡናል። ጥያቄው በሊትር ሳይሆን በኪሎ መሰጠቱም ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ፈሳሾች ሲቀላቀሉ ክብደታቸው በትክክል ይደመራል፣ መጠነ ይዘታቸው ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም፤ ግማሽ ሊትር ንጹሕ አልኮልና ግማሽ ሊትር ውኃ ቢቀላቀሉ ከ1 ሊትር ያነሰ ነው የሚገኘው።

ጠቅላላ ክብደቱ የሚሰጠውን የመጀመሪያውን እኩልነት አንቺም በትክክል ጽፈሽዋል።

```
x + y = 35          (1)
```

ሁለተኛው ላይ ነው ችግሩ። በኅዳጉ ላይ 12x + 40y = 20 ብለሽ ጽፈሽ፣ ከሥሩ y = −100/7 አግኝተሽ፣ ከዚያ ሁሉንም በሁለት መስመር ሰርዘሽዋል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ከዚያ እኩልነት የሚወጣው በእርግጥ −100/7 ነው። የተሳሳተው እኩልነቱ ራሱ ነው። በግራ በኩል የሁለቱን ሽሮፖች መቶኛ በክብደታቸው አባዝተሻል፤ በቀኝ በኩል ግን የድብልቁን መቶኛ ብቻ፣ ክብደቱን ሳታባዢ አስቀምጠሻል። «20 በመቶ» ማለት 20 ኪሎ ስኳር ማለት አይደለም፤ «ከምን?» የሚል ጥያቄ የሚያስከትል ቁጥር ነው፤ እዚህ መልሱ «ከ35 ኪሎ» ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ውስጥ ያለውን የስኳር ክብደት ለየብቻ እንጻፈው።

```
በመጀመሪያው ሽሮፕ ያለው ስኳር = 0.12 × x  = 0.12x
በሁለተኛው ሽሮፕ ያለው ስኳር  = 0.40 × y  = 0.40y
በድብልቁ ውስጥ ያለው ስኳር   = 0.20 × 35 = 7
```

ከሁለቱ የገባው ስኳር በድብልቁ ውስጥ ካለው ስኳር ጋር እኩል ስለሆነ ሁለተኛው እኩልነት የሚከተለው ነው።

```
0.12x + 0.40y = 7    (2)
```

በነጥብ ቁጥሮች መሥራት ለስሕተት ስለሚያጋልጥ ሁለቱንም ጎን በ100 እናባዛለን፤ የተገኘውም በ4 ስለሚካፈል በ4 እናካፍለዋለን።

```
12x + 40y = 700
 3x + 10y = 175      (3)
```

አሁን (1)ን እና (3)ን በማስወገድ ዘዴ እንፈታለን። ከ x ፊት ያሉት ቁጥሮች እኩል እንዲሆኑ (1)ን በ3 እናባዛና ከ(3) ላይ እንቀንሰዋለን።

```
  3x + 10y = 175
−(3x +  3y = 105)
-----------------
        7y = 70
         y = 10
```

ይህን በ(1) ስንተካ x + 10 = 35 ይሆናል፤ ስለዚህ x = 25 ነው። ባለቤቱ ከ12 በመቶው ሽሮፕ 25 ኪሎ፣ ከ40 በመቶው ሽሮፕ 10 ኪሎ ያስፈልገዋል።

መልሱን የምንፈትሸው ራሳችን ባወጣነው እኩልነት ሳይሆን በጥያቄው ቃላት ነው፤ እኩልነቱ ከመነሻው ተሳስቶ ከሆነ የተሳሳተው መልስም እዚያው ላይ ልክ መስሎ ይታያልና። ከ25 ኪሎ 12 በመቶው 3 ኪሎ፣ ከ10 ኪሎ 40 በመቶው 4 ኪሎ ስኳር ነው። በድምሩ 7 ኪሎ ስኳር በ35 ኪሎ ሽሮፕ ውስጥ አለ፤ 7 ለ35 ሲካፈል 0.20፣ ማለትም 20 በመቶ ይሆናል። ትክክል ነው።

ወደ ደበዘዘው ቁጥር እንመለስ። በሰሌዳው ላይ የነበረው 70 ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው እኩልነት 12x + 40y = 2450 ይሆን ነበር። y = 35 − x ስለሆነ፦

```
12x + 40(35 − x) = 2450
12x + 1400 − 40x = 2450
            −28x = 1050
               x = −37.5
```

ከበርሜል ውስጥ ከዜሮ በታች ኪሎ ሽሮፕ መቅዳት አይቻልም። ለነገሩ ሳንሰላም ልናውቀው እንችል ነበር፤ 12 በመቶና 40 በመቶ የሆኑ ሽሮፖች ሲቀላቀሉ የሚገኘው መቶኛ ከ12 አያንስም፣ ከ40ም አይበልጥም። በሐዋሳ ገበያ ጤፍ የሚቀላቅል ነጋዴም ከሁለቱ ዓይነት ከውዱ ዋጋ የሚበልጥ ድብልቅ እንደማያገኝ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ስለዚህ 7 አይደለም ያልኩት ግምት አይደለም፤ ቢሆንም ሰሌዳው ላይ 30 ወይም 20 የሚለውን ከጓደኛሽ ደብተር አረጋግጪ፤ ከላይ የምትታየዋ ጭረት 3ንም ልትሆን እንደምትችል አሁን ስጽፍ ነው ልብ ያልኩት። 30 ከሆነ አሠራሩ አይለወጥም፤ የ(2) ቀኝ ጎን 10.5 ይሆንና x = 12.5፣ y = 22.5 ይወጣል። መልሱ ሙሉ ቁጥር ሆኖ የሚመጣው በ20 ስለሆነ እኔ በ20 ሠርቻለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ቡና ነው፤ እሱ በደንብ ይነበባል።

«አንድ ነጋዴ በኪሎ 700 ብር የሚሸጥ 1ኛ ደረጃ፣ በኪሎ 560 ብር የሚሸጥ 2ኛ ደረጃ፣ በኪሎ 400 ብር የሚሸጥ 3ኛ ደረጃ ጥሬ ቡና ቀላቅሎ 50 ኪሎ ድብልቅ አዘጋጀ። የ2ኛ ደረጃው ክብደት የ3ኛ ደረጃው እጥፍ ነው። ነጋዴው ድብልቁን በኪሎ 584 ብር ቢሸጥ ቡናዎቹን ለየብቻ ሸጦ ከሚያገኘው ጋር እኩል ገንዘብ ያገኛል። ከየዓይነቱ ስንት ኪሎ ቀላቀለ?»

እዚህ ሦስት ተለዋዋጮች ስላሉ ባዶ ትተሽዋል። አያስፈራሽ፤ «እጥፍ» የምትለዋ ቃል አንዱን ወዲያው ታስወግድልናለች። x የ1ኛ፣ y የ2ኛ፣ z የ3ኛ ደረጃው ክብደት በኪሎ ይሁኑ። በስኳሩ ቦታ አሁን የሚቆጠረው ብር ነው።

```
x + y + z = 50                            (1)
y = 2z                                    (2)
700x + 560y + 400z = 584 × 50 = 29200     (3)
```

(2)ን ስትጽፊ 2y = z እንዳትይ ተጠንቀቂ። በቁጥር ሞክሪው፤ 3ኛ ደረጃው 5 ኪሎ ቢሆን 2ኛ ደረጃው 10 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ በ2 የሚባዛው ትንሹ፣ ማለትም z ነው። አሁን በ(1) እና በ(3) ውስጥ በ y ቦታ 2z እንተካለን።

```
x + 2z + z = 50
x = 50 − 3z                               (4)

700x + 1120z + 400z = 29200
700x + 1520z = 29200
 35x +   76z = 1460      (በ20 ተካፍሎ)        (5)
```

(4)ን በ(5) ስንተካ፦

```
35(50 − 3z) + 76z = 1460
1750 − 105z + 76z = 1460
             −29z = −290
                z = 10
```

ከዚህ በኋላ y = 2 × 10 = 20፣ x = 50 − 30 = 20 ይሆናል። ከ1ኛ ደረጃ 20 ኪሎ፣ ከ2ኛ ደረጃ 20 ኪሎ፣ ከ3ኛ ደረጃ 10 ኪሎ ነው። ሲፈተሽ የቡናው ዋጋ 14000፣ 11200 እና 4000 ብር፣ በድምሩ 29200 ብር ነው፤ ለ50 ሲካፈል 584 ብር ይሰጣል።

በጥያቄው ውስጥ «ጥሬ ቡና» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ቡና ሲቆላ ውኃው ስለሚተን ክብደቱ ይቀንሳል፤ ነጋዴው ቀላቅሎ ከቆላው በኋላ መዝኖ ቢሆን ኖሮ የገቡት ኪሎዎች ድምር ከወጣው 50 ኪሎ ይበልጥ ስለነበር (1)ን እንዳለ መጻፍ አንችልም ነበር።

ለመለማመጃ የጁስ ቤቱን ጥያቄ ውሰጂና 20 በመቶውን ወደ 26 በመቶ ለውጠሽ ሥሪው። እስክሪብቶ ከማንሳትሽ በፊት ግን 26 ከ12 ምን ያህል፣ ከ40ስ ምን ያህል እንደሚርቅ ተመልከቺና መልሱን ገምቺ፤ ግምትሽን ከስሌቱ በላይ ጽፈሽ ሁለቱንም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ፎቶውን ቀን በመስኮት ብርሃን፣ የስልኩን መብራት አጥፍተሽ አንሺው፤ የሰረዝሽውንም አትደብቂ፣ ዛሬ ስሕተትሽ የት እንደጀመረ ያገኘሁት ከሰረዝሽው ላይ ነውና።